ሁለት አበድሮ ሦስት መቀበል፦ ወለድ በኦሪት፣ በወንጌልና በቁርኣን

ነሐሴ ላይ አንድ ኩንታል እህል ተበድሮ ጥር ላይ አንድ ኩንታል ተኩል መመለስ ለገጠር ሰው እንግዳ ውል አይደለም። ጎተራው በክረምት ተሟጦ ለልጆቹ የሚያበላው ያጣ ገበሬ እህል ወዳለው ጎረቤቱ ይሄዳል፤ ጎረቤቱም ይሰፍርለታል፤ አውድማው ሲወቃ ግን ተበዳሪው የተሰፈረለትን ከነግማሹ ጨምሮ ይመልሳል። ከጥቂት ጊዜ በፊት በእኛ ድጋፍ የተቋቋመ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የመተዳደሪያ ደንቡ ረቂቅ ለአባላቱ ሲነበብ፣ ዓላማችን እንዲህ ያለውን ብድር ማስቀረት እንደ ሆነ ሰፋ አድርጌ አስረዳሁ። አባላቱ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች ናቸው። ንግግሬን እንደ ጨረስሁ አንድ ሙስሊም አረጋዊ ተነሥተው፣ «ዲያቆን፣ ይህ ደንባችሁ የመክፈያው ቀን ያለፈበትን ሰው በየወሩ ቅጣት ይጨምርበታል። የእኛ ኪታብ ከምንም በላይ የከለከለው ይህን ነው። የእናንተ መጽሐፍ ፈቅዶት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

በዚያ ቀን የሰጠሁት መልስ «ቅጣት ነው እንጂ አራጣ አይደለም» የሚል ነበር። መልሱ እርሳቸውን አላረካም፤ ወደ ቤቴ ስመለስም እኔን አላረካኝም። ስለዚህ ስለ ወለድ የሚናገሩትን የኦሪት፣ የወንጌልና የቁርኣን ክፍሎች ጎን ለጎን አድርጌ ማንበብ ጀመርሁ። ከዚህ በታች የቀረበው የዚያ ንባብ ፍሬ ነው። ጥቅሶቹን ቃል በቃል ከማስፈር ይልቅ ምዕራፋቸውንና ቁጥራቸውን ስለምጠቁም አንባቢ መጽሐፉን ገልጦ ይመልከት።

የሚነክሰውና የሚረባው

ኦሪት ስለ ወለድ በሦስት ስፍራ ትደነግጋለች፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት አይደሉም። በዘጸአት 22፥25 የተጠቀሰው ተበዳሪ ድሀ ነው፤ አበዳሪው እንደ ጨካኝ ባለ ዕዳ ጠያቂ እንዳይሆንበትና ወለድ እንዳይጭንበት ታዟል። በዘሌዋውያን 25፥35-38 የተጠቀሰው እጁ የደከመ ወንድም ነው፤ ትእዛዙም ከወለድ ክልከላ በፊት «ደግፈው» በሚል ቃል ይጀምራል፤ ወለድ አለመውሰድ የመደገፉ አንድ ክፍል ነው። በዘዳግም 23፥19-20 ደግሞ ድህነት አልተነሣም፤ ለወንድም ገንዘብም ይሁን እህል ወይም ሌላ ማናቸውም ነገር በወለድ አይሰጥም፤ ለባዕድ ግን ተፈቅዷል።

ይህ የመጨረሻው ቃል ብዙ አከራክሯል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን በዘዳግም የተጠቀሰው ባዕድ ከሌላ አገር መጥቶ የሚሄደው ሰው እንጂ በእስራኤል መካከል የሚኖረው መጻተኛ አለመሆኑ ነው፤ ዕብራይስጡ ለሁለቱ የተለያየ ቃል አለው። ዘሌዋውያን መጻተኛውንና ስደተኛውን ከተደጋፊው ወንድም ጋር አብሮ ይጠቅሳል። ከአይሁድ ሊቃውንትም ወገን፣ ገንዘቡን በወለድ የማይሰጠውን ሰው የሚያመሰግነውን መዝሙር (በእኛ ዳዊት 14፥5፣ በዕብራይስጡ 15፥5) ሲተረጉሙ ለባዕድም ቢሆን ወለድ አለመውሰድን የሚያመለክት ነው ያሉ አሉ፤ ይህም በታልሙድ መጽሐፍ ተመዝግቧል።

ወለድን የሚጠሩባቸው ቃላት ለእኛ ከሌላው ዓለም አንባቢ ይልቅ ቅርብ ናቸው። ዕብራይስጡ ወለድን «ንሼኽ» ይለዋል፤ ትርጉሙ ንክሻ ማለት ነው። በግእዝ «ነሰከ» ማለት ነከሰ ማለት ስለሆነ ቃሉ የራሳችን ቃል ዘመድ ነው። ሁለተኛው ስም «ተርቢት» ሲሆን መብዛትን ያመለክታል፤ የቁርኣኑም «ሪባ» ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፤ በእኛም ዘንድ ከብት «ረባ» የምንለው፣ «ርቢ» እና «እርባታ» የምንለው ከዚያው ቤተሰብ ነው። የሐዲስ ኪዳን ግሪክኛ ወለድን «ቶኮስ» ይለዋል፤ ልደት ወይም የተወለደ ማለት ነው፤ የአማርኛው «ወለድ» ልክ እንደ እርሱ ነው። የጥንቱ ግእዝ ግን «ርዴ» የሚል የራሱ ስም አለው። እንግዲህ የሴም ቋንቋዎች ነገሩን ከሁለት ወገን አይተውታል ማለት ነው፤ በአበዳሪው በኩል የሚረባ ነው፤ በተበዳሪው በኩል የሚነክስ ነው። ገንዘቡ ግን ያው አንድ ገንዘብ ነው።

እኛ ዛሬ «አራጣ» እና «ወለድ» ብለን ከሁለት ከፍለነዋል፤ አራጣ የሚያስከስሰው፣ ወለድ የሚፈቀደው ይመስለናል። ይህ ክፍፍል በሕግ ቦታ አለው፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲበዳደሩ የሚስማሙበት ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ወስኗል። ከላይ በጠቀስናቸው የኦሪት ክፍሎች ውስጥ ግን ከዚህ በታች ይፈቀዳል፣ ከዚህ በላይ ይከለከላል የሚል መጠን የለም።

ሁለት ስፍር ስንዴ በሦስት

መጠንን የምናገኘው ከትርጓሜ መጻሕፍትና ከቀኖና ነው፤ ያገኘሁትም መጠን በጣም አስገርሞኛል። ሚሽና የተባለው የአይሁድ ሊቃውንት የሕግ ስብስብ በሁለተኛው ምእት ዓመት መጨረሻና በሦስተኛው መጀመሪያ ገደማ የተጠናቀረ ነው። ባባ መፂዓ በሚባለው ክፍሉ አምስተኛው ምዕራፍ ንሼኽ ምን እንደ ሆነ ሲገልጽ ምሳሌ የሚያደርገው ሁለት ስፍር ስንዴ አበድሮ ሦስት የሚቀበልን ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ አባቶቻችን በ17ኛው ቀኖና ወለድ የሚቀበሉ ካህናትን ከማዕርጋቸው ሲሽሩ ሁለት ዓይነት ትርፍ በስም ይጠቅሳሉ። አንደኛው በሮም ዘመን የተለመደው «መቶኛ» ሲሆን በየወሩ ከመቶ አንድ፣ በዓመት ከመቶ 12 መሆኑ ነው። ሁለተኛው ዋናውን ከነግማሹ ማስመለስ ነው። በገሊላ ገበሬ፣ በትንሹ እስያ ገበሬና በእኛ ገበሬ ላይ የተጫነው አንድ ልክ ነው፤ ሁለት ሰጥቶ ሦስት መውሰድ።

የኒቅያውን ቀኖና ሳነብ ሌላም ነገር ልቤን ነካው። ረቂቅ ደንባችን ላይ የጻፍሁት ወለድ በዓመት ከመቶ 12 ነበር፤ ያም ያው «መቶኛው» ነው። ገንዘቡ የማኅበሩ እንጂ የእኔ አይደለም፤ የወለዱም ገቢ ለአባላቱ የሚከፋፈል ነው። ነገር ግን ቀኖናው ሲጽፍ ዲያቆናትን ጭምር አስቦ መሆኑን ዘንግቼ አላውቅም ማለት አልችልም።

የሚሽናው ምዕራፍ ከአንድ ምሳሌ አያበቃም፤ ገጠርን በሚያውቅ ሰው የተጻፈ ይመስላል። «ዛሬ ከእኔ ጋር አርም፣ ነገ እኔ ከአንተ ጋር አርማለሁ» ማለት እንደሚፈቀድ፣ «አንተ ዛሬ አርምልኝ፣ እኔ ነገ እኮተኩትልሃለሁ» ማለት ግን እንደማይፈቀድ ይናገራል፤ ምክንያቱም አንደኛው ሥራ ከሌላው ሊከብድ ስለሚችል ከተሰጠው በላይ መቀበል ይሆናል። ወንፈላችንን በዚህ ሚዛን ቢመዝኑት ስንቱ ባለፈ! ይኸው ምዕራፍ በወለድ ውል አበዳሪው ብቻ ሳይሆን ተበዳሪው፣ ዋሱና ምስክሮቹም ሕግ ተላላፊዎች እንደሆኑ ይናገራል፤ ሊቃውንቱም ጸሐፊውን ይጨምራሉ። በሙስሊሞች ዘንድ ሰሒሕ ሙስሊም በተባለው የሐዲስ መጽሐፍ ነቢዩ ሙሐመድ ሪባ የሚበላውን፣ የሚያበላውን፣ ጸሐፊውንና ሁለቱን ምስክሮች በአንድነት እንደረገሙ ተጽፏል። ደንብ የሚጽፍ የፕሮጀክት ሠራተኛ ሁለቱንም ሲያነብ እጁን ወደ ኋላ መሳቡ አይቀርም።

ወንጌልና ባስልዮስ

በሐዲስ ኪዳን ወለድን በስሙ ጠርቶ የሚከለክል ትእዛዝ አናገኝም። እንዲያውም በማቴዎስ 25፥27ና በሉቃስ 19፥23 ጌታው ሰነፉን ባሪያ ገንዘቡን ለለዋጮች ሰጥቶ ከነወለዱ ባለማስረከቡ ይገሥጸዋል። ይህን ይዘው ወለድ ተፈቅዷል የሚሉ አሉ። ሆኖም ታሪኩ ምሳሌ ነው፤ ስለ ጸጋና ስለ ትጋት የተነገረ ነው፤ ባሪያውም ጌታውን ካልዘራበት የሚያጭድ ጨካኝ ብሎታልና ግሣጼው በራሱ በባሪያው ቃል ላይ ተመሥርቶ ይመለስበታል። ከእንዲህ ያለ ምሳሌ የብድር ሕግ ማውጣት፣ ሌባ በሌሊት ይመጣል ከተባለው ምሳሌ ስርቆትን እንደ መፍቀድ ይሆናል።

ጌታችን በቀጥታ ስለ ብድር የተናገረው በሉቃስ 6፥34-35 ነው። ኃጢአተኞችም የሚመለስላቸውን ያህል ያበድራሉና ተስፋ ሳታደርጉ አበድሩ ይላል። ቃሉ ወለድን ብቻ ሳይሆን ብድሩን በብድር፣ ውለታውን በውለታ መጠበቅን ሁሉ የሚያጠቃልል ነው። ስለዚህ ወንጌል ከኦሪት አንሶ ሳይሆን አልፎ ሄዷል፤ ኦሪት የአበዳሪውን እጅ ስትከለክል ወንጌል ልቡን ይጠይቃል። በሌላ በኩል ልብን የሚጠይቅ ቃል ለማኅበር ደንብ አንቀጽ ሆኖ ለመጻፍ አይመችም፤ እንዲህ ያለው ተግባራዊ ጥያቄ በቀኖናና በአባቶች ስብከት መልስ የሚያገኘው ለዚህ ነው።

ከአባቶች መካከል ስለዚህ ነገር በስፋት የሰበከው የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ ነው። በ14ኛው መዝሙር ላይ ባደረገው ስብከት «ቶኮስ» የሚለውን ስም ይዞ ወለድን ከጥንቸል ጋር ያመሳስለዋል፤ ጥንቸል ትወልዳለች፣ ታጠባለች፣ በዚያው ጊዜ ትፀንሳለች፤ የአበዳሪም ገንዘብ ገና ሳይሰጥ ይወልዳል፣ የተወለደውም ወዲያው ይወልዳል ይላል። ባስልዮስ ግን ሌሎች ብዙ ጊዜ የማይሉትን አንድ ነገር ይጨምራል፤ ተበዳሪውንም ይመክራል። ያለህን ሽጥ፣ ሥራ፣ ከራስህ ጉድጓድ ጠጣ እንጂ ወደ ሌላው ደጅ አትሂድ ይለዋል፤ ዛሬ የሚከፍለው የሌለው ሰው ነገ ከነወለዱ ከየት ያመጣል?

የመክፈያው ቀን

የቁርኣኑን ትምህርት ከመጀመሪያው ጀምሮ ላስከትለው። በሱረቱ ሩም 30፥39 በሰዎች ገንዘብ ውስጥ እንዲረባ የተሰጠ ሀብት በአላህ ዘንድ እንደማይረባ፣ የሚበዛው ለዘካ የተሰጠው እንደ ሆነ ይነገራል። እዚህ ገና ክልከላ የለም፤ ንጽጽር ብቻ ነው። በሱረቱ ኣሊ ዒምራን 3፥130 እጥፍ ድርብ የሆነ ሪባ እንዳይበሉ አማኞች ይታዘዛሉ። ሙሉው ድንጋጌ የሚገኘው በሱረቱ በቀራ 2፥275-281 ነው። በዚያም መሸጥና ሪባ አንድ ናቸው የሚሉ ሰዎች ቃል ተጠቅሶ አላህ ሽያጭን ፈቅዶ ሪባን እንደከለከለ ይነገራል፤ የቀረ ወለድ ካለ እንዲተዉት፣ ዋናቸው ግን የእነርሱ እንደ ሆነ፣ ሳይበድሉም ሳይበደሉም እንዲቀሩ ይታዘዛሉ። ከዚያም ቁጥር 280 ላይ ተበዳሪው ችግር ላይ ከሆነ እስኪመቸው ድረስ እንዲታገሡት፣ ዕዳውን ቢተዉለት ደግሞ እንደሚሻል ይነገራል።

«እጥፍ ድርብ» የሚለው ቃል ምንን እንደሚያመለክት የጥንቶቹ የቁርኣን ተርጓሚዎች አብራርተዋል። ከእስልምና በፊት በነበረው ዘመን በዐረቦች ዘንድ የመክፈያው ቀን ሲደርስ አበዳሪው ተበዳሪውን «ትከፍላለህ ወይስ ትጨምራለህ?» ብሎ ይጠይቀው ነበር። መክፈል ያልቻለ እንደ ሆነ ቀኑ ይራዘምለታል፤ ዕዳው ግን ይጨምራል፤ መቶ የነበረው ሁለት መቶ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ አራት መቶ ይሆናል። ዕዳው ግመል ከሆነም በዕድሜ ከፍ ያለ ግመል ይጠየቃል። አረጋዊው «ከምንም በላይ የከለከለው ይህን ነው» ያሉት እንግዲህ ይህን ነበር፤ መጀመሪያ የተስማሙበትን ወለድ ሳይሆን ተበዳሪው ሊከፍል ባልቻለበት ቀን የሚጨመረውን።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ ወደ ራሴ መጻሕፍት ተመልሼ ስለ መክፈያው ቀን ምን ይላሉ ብዬ ስፈልግ የወለዱ ጥቅስ አጠገብ አገኘሁት። ዘጸአት ወለድን ከከለከለ በኋላ ወዲያው በሚቀጥለው ቁጥር የድሀ ልብስ በመያዣነት ከተወሰደ ፀሐይ ሳትገባ እንዲመለስለት ያዝዛል፤ ሌሊት ምን ለብሶ ይተኛል? ዘዳግም 24 ወፍጮን ለመያዣ መውሰድን ይከለክላል፤ አበዳሪው መያዣ ለመቀበል ወደ ተበዳሪው ቤት እንዳይገባ፣ በውጭ ቆሞ እንዲጠብቅም ያዝዛል፤ ዘዳግም 15 በሰባተኛው ዓመት ዕዳ እንዲተው ይደነግጋል። በማቴዎስ 18 ደግሞ አሥር ሺህ መክሊት የተማረለት ባሪያ መቶ ዲናር የሚበደረውን ባልንጀራውን አንቆ ይዞታል። የተያዘው ሰው የለመነው ዕዳው እንዲሠረዝለት እንኳ አይደለም፤ ጊዜ እንዲሰጠው ብቻ ነው። በቁርኣን 2፥280 የታዘዘው ያ ጊዜ በወንጌሉ ታሪክ ተለምኖ የተከለከለው ጊዜ ነው።

ነህምያ 5ም የሚተርከው በዚሁ ቀን ላይ የደረሱ ሰዎችን ነው። በራብ ምክንያት እርሻቸውን፣ ወይናቸውንና ቤታቸውን አስይዘው እህል የወሰዱ፣ ለንጉሡ ግብር ገንዘብ የተበደሩ፣ በመጨረሻም ልጆቻቸውን ለባርነት የሰጡ ናቸው። ነህምያ ባለጠጎቹን ሲወቅስ ራሱም ወንድሞቹም ገንዘብና እህል እንዳበደሩ አልሸሸገም፤ እንተው ሲል እኔም እተዋለሁ ማለቱ ነው። ነቢዩ ሙሐመድም በመሰናበቻው ንግግር የቀድሞውን ሪባ ሁሉ ሲሽሩ መጀመሪያ የሻሩት የአጎታቸውን የአባስን ነበር። ሁለቱም ከቤታቸው ጀምረዋል።

አንድ ኩንታል በሦስቱ ሕግ

አንባቢ ወደ መጀመሪያው ኩንታል ይመለስልኝ። ለስሌት እንዲመች በነሐሴ አንድ ኩንታል 9,000 ብር፣ በጥር 6,000 ብር ይሸጣል እንበል። አንድ ኩንታል ያበደረ ሰው አንድ ተኩል ሲቀበል፣ «በዘጠኝ ሺህ ብር የሚሸጥ እህል ሰጥቼ በዘጠኝ ሺህ ብር የሚሸጥ ተቀበልሁ፤ ምን አተረፍሁ?» ይላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ «መሸጥም እንደ ሪባ ነው» ያሉት ሰዎች ክርክር ይኸው ነው።

መልሱ የሚታየው ዝናብ ባጠረበት ዓመት ነው። መኸሩ ከሽፎ በጥር እህል 10,000 ብር ቢገባ፣ ያው አንድ ኩንታል ተኩል 15,000 ብር ያወጣል። ተበዳሪው ከፍ ያለውን የሚከፍለው እርሻው ባልሰጠበት በዚያው ዓመት ነው። መክፈል ካልቻለና ውሉ በዚያው ልክ ከተራዘመ በሁለተኛው ጥር 225 ኪሎ፣ በሦስተኛው 337.5 ኪሎ ዕዳ ይኖርበታል፤ የበላው ግን መቶ ኪሎ ነበር።

ሚሽና ለዚህ ያቀረበው መፍትሔ ዋጋን አስቀድሞ መቁረጥ ነው። ሂሌል የተባለው ሊቅ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ እንጀራ ስታበድር እንኳ ዋጋውን ትቁረጥ፣ ስንዴ ሊወደድ ይችላልና ብሏል ይባላል። በእኛ ምሳሌ ነሐሴ ላይ ዕዳው 9,000 ብር ተብሎ ይቆረጣል። በጥር እህል 6,000 ብር ከሆነ ተበዳሪው 150 ኪሎ ሸጦ ይከፍላል፤ 10,000 ብር ከሆነ ግን 90 ኪሎ ይበቃዋል። በደግ ዓመት የሚወጣው እህል ከአራጣው ጋር እኩል ነው፤ በክፉ ዓመት ግን 150 የነበረው ወደ 90 ይወርዳል። የእስልምና ሕግ ወደዚያው በሌላ በር ይገባል፤ እህል በእህል ከተበደሩ እኩል በእኩል ይመለሳል፤ ያለዚያ እህሉ በታወቀ ዋጋ በዱቤ ይሸጣል፤ ቀኑ ቢያልፍም በዋጋው ላይ አይጨመርም። ለዓይን ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ልዩነታቸው የክፉውን ዓመት ሸክም ማን ይሸከማል በሚለው ላይ ነው።

ለማኅበራት ግን ከሁለቱም የሚቀል መንገድ ያለ ይመስለኛል፤ እርሱም የእህል ባንክ ነው። መቶ ኪሎ የወሰደ መቶ ኪሎ ይመልሳል። ማኅበሩ የተመለሰውን እህል በጥር ካልሸጠ በሚቀጥለው ነሐሴ ያው መቶ ኪሎ እንደገና በነሐሴ ዋጋ ይገመታል፤ ስለዚህ «ዋጋ ወረደብኝ» የሚለው ምክንያት እህሉን በጥር ለሚሸጥ ነጋዴ እንጂ ለሚያስቀምጥ ማኅበር አይሠራም። የሚጎድልበት ነቀዝና አይጥ የሚበላው፣ እንዲሁም የጎተራ ጠባቂ ደመወዝ ነው። ይህም እውነተኛ ወጪ ስለሆነ ተቆጥሮ ሊከፈል ይችላል፤ የተቆጠረ ወጪና የሚነክስ ወለድ አንድ አይደሉም። አደጋው ወጪውን «በግምት» ሲሉ ነው፤ ግምት ወደ ግማሽ የሚያድግበት ፍጥነት ያስደንቃል።

ወደ ገንዘብ ብድሩ ስንመለስ ረቂቁ 10,000 ብር ለአንድ ዓመት የተበደረን ሰው 1,200 ብር ወለድ ያስከፍላል፤ ቀኑ ካለፈ ደግሞ በየወሩ ከዋናው 2 በመቶ ቅጣት ይጨምርበታል። መኸሩ የከሸፈበት ገበሬ ስድስት ወር ቢዘገይ ቅጣቱ ብቻ 1,200 ብር ይሆናል፤ ወለዱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ስሙን ቅጣት ብንለውም «ትከፍላለህ ወይስ ትጨምራለህ?» ከሚለው ጥያቄ የሚለይበትን ነጥብ ፈልጌ አላገኘሁም። ቅጣቱን የጻፍነው እያለው ለማይከፍል ሰው ነበር፤ የደረሰው ግን ለሌለው ሰው ነው። ቁርኣንም ሆነ ኦሪት ትዕግሥትን ያዘዙት ለሌለው እንጂ እያለው ለሚያጭበረብር አይደለም፤ እያለው ለማይከፍል ዋሱም ሽምግልናውም ፍርድ ቤቱም አለ።

በሁለተኛው ስብሰባ የቅጣቱ አንቀጽ ወጣ። በምትኩ የመክፈያው ቀን ባለፈ በ15 ቀን ውስጥ ሦስት የኮሚቴ አባላት ተበዳሪውን ሄደው እንዲያዩት፣ ችግሩ እውነት ከሆነ እስከሚቀጥለው አውድማ ያለ ጭማሪ ጊዜ ሰጥተው በጽሑፍ እንዲፈራረሙ፣ ያለው ሰው መሆኑ ከታወቀ ግን ወደ ዋሱ እንዲሄዱ ተወሰነ። ኮሚቴው ወደ ተበዳሪው ቤት ሳይገባ በደጅ እንዲነጋገር ሐሳብ ያቀረቡት አንድ መሪጌታ ሲሆኑ ዘዳግም 24ን ጠቅሰው ነው፤ ሁሉም ሳቁ፤ ሐሳቡ ግን ጸደቀ።

አረጋዊው በዚያም ስብሰባ ተገኝተው ነበር። አንቀጹ ሲነበብ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ቅጣቱ ቀረ። መልካም። 12ቱስ?» አሉ። በአገራችን ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት እንዲከፍቱ መፈቀዱን፣ በወለድ ፈንታ የተቆጠረ ወጪን ብቻ የሚያስከፍል የተለየ ሣጥን በማኅበሩ ውስጥ ማቋቋም እንደሚቻል ነገርኋቸው። ለወለድ ነፃው ሣጥን የሚያዋጡ አባላት ስም ምዝገባ ተጀምሯል፤ ከተመዘገቡትም መካከል ክርስቲያኖች ይገኛሉ። የቀሩት አባላት 12 በመቶው ይቆይ ብለዋል፤ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ተላልፏል።